ለዕድራችን ገንዘብ ያዥ በስንብታቸው ዕለት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብነው የዕድራችንን ገንዘብ ያዥ ለመሸኘት ነው። ስማቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በኮሚቴው አብረናቸው የሠራን ግን «ጋሼ ደረሰኝ» እንላቸዋለን። ለሽንኩርት መግዣ ሲሰጡ እንኳ ባለቤታቸውን ያስፈርማሉ ይባላል። እትዬ እዚሁ ስላሉ እውነቱን እሳቸው ይንገሩን።

ጋሼ፣ ሥራውን ሲረከቡ ናይሮቢ ውስጥ በስልክ ገንዘብ መላክ የሚባል ነገር አልነበረም። ወር በገባ ቁጥር ባለካርቦኑን ደረሰኝ በብብትዎ ይዘው ከኢስሊ እስከ ሀርሊንግሃም ሱቅ ለሱቅ ይዞሩ ነበር። እኛን ባለሱቆችን «ነገ ይምጡ» ማለት አያዋጣንም ነበር፤ በማግስቱ በራችንን ሳንከፍት ቆመው እናገኝዎታለን።

በ2007 እ.ኤ.አ. ኤምፔሳ ሲጀመር አሁንስ አረፉ ብለን ነበር። አላረፉም። መልእክቱ የሚመጣው ሲም ካርዱ በተመዘገበበት ሰው ስም ነው፤ አባሉ ደግሞ በልጁም በጎረቤቱም ስልክ ይልካል። ጋሼ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ከፍተው በቤቱ ያለውን ስልክ ሁሉ ጻፉ። ላኪው ያልታወቀ ገንዘብ ደውለው እስኪያረጋግጡ «ባለቤቱ ያልታወቀ» በሚል ገጽ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ተነጫንጨንባቸዋል። ነገር ግን ሐዘን በደረሰ ቀን ከፍሎ ሳለ «አልከፈለም» የተባለ ቤተሰብ በእሳቸው ጊዜ አላየንም።

አንድ ዓመት ለገና በዓል ሂሳብ ስንዘጋ ሣጥኑ ውስጥ 270 ሽልንግ ጎደለ። አዋጥተን እንሙላውና ወደ ቤታችን እንሂድ አልን። ጋሼ ግን 270ን ለ9 አካፈሉ፤ 30 ደረሰ፣ ትርፍ የለውም። «ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ተገላብጠው ሲጻፉ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። የግድ እሱ ነው ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ የሚፈለገው ግን እሱ ነው» አሉን። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ለወንበር ኪራይ የወጣው 850 በመዝገቡ 580 ተብሎ ተገኘ። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ስንጠይቅ መነጽራቸውን አውልቀው «የእኔ» አሉ። በዚያ ሌሊት አራት ሰዓት እንደዚያ የሳቅንበትን ጊዜ አናስታውስም።

ጋሼ፣ ሌሊት በራችን በክፉ ወሬ ሲንኳኳ ገንዘቡ የት አለ ብለን ተጨንቀን አናውቅም። አስከሬን ወደ አገር ቤት በምንልክበት ጊዜ ቤተሰቡ ማልቀስ እንጂ ብድር መለመን አልነበረበትም። ስለዚህ እናመሰግንዎታለን። ከጎንዎ ሆነው እነዚያን ምሽቶች ሁሉ የታገሡትን እትዬንም እናመሰግናለን።

አሁን የሣጥኑን ቁልፍ ለተተኪያቸው ያስረክባሉ። በምስክር ፊት ሳይቆጥሩ እንደማያስረክቡ እናውቃለንና፣ እባካችሁ ጠረጴዛና ወንበር አቅርቡላቸው። እራቱ ትንሽ ይቆየናል።