የድሮውን ቴሌቪዥን በሌላ ሪሞት ስለ ማዘዝ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል)



በማኅበሩ ቤት ያለው የድሮ ቴሌቪዥን ሪሞቱ ከተሰበረ ወዲህ የሚያሳየን ዝናብ ብቻ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ቴሌቪዥኑ ግን አልተበላሸም። የዲሹ ሥዕል የሚገባው AV በሚባለው መስመር ነው፤ ወደዚያ የሚያዞረው ቁልፍ ደግሞ ያለው ሪሞቱ ላይ ነው። «ይሸጥና አዲስ ይገዛ» ያልንም ነበርን። ከዚያ በፊት ግን ለሁሉም ቴሌቪዥን የሚሆነውን ሪሞት ገዝተን ሞከርን።

አስቀድመን የሞከርነው በስልክ ነበር፤ አልሆነም። የድሮ ቴሌቪዥን የሚሰማው ዓይን የማያየውን የሪሞት ብርሃን ብቻ ነው። በዋይፋይ የሚሠራው አፕ ለስማርት ቴሌቪዥን እንጂ ለእሱ አይሆንም። ብርሃኑን የሚልክ ስልክ አለ፤ ሬድሚ ከሚባሉት ብዙዎቹ ከላይ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አላቸው። አይፎን ግን የለውም። ስልኩ ይህ ከሌለው የትኛውንም አፕ ብትጭኑበት ማስታወቂያ ከማየት በቀር ፋይዳ የለውም።

አዲሱን ሪሞት ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑን በራሱ ቁልፍ አበራን። SET የሚለውን ተጭነን ቀይዋ መብራት በርታ ስትቀር ለቀቅን። ከዚያ ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አቅንተን VOL+ን ቀስ እያልን ደጋግመን ነካን፤ በነካን ቁጥር ሪሞቱ ሌላ ኮድ ይሞክራል። የድምፅ ምልክት ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል አቆምንና SETን ነክተን አጸናነው። የሌላ ሪሞት አሠራር ትንሽ ሊለይ ስለሚችል፣ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አትጣሉ።

እዚህ ላይ ተሳስተን ነበር። ድምፁ ሲታዘዝ «አለቀ» ብለን ደስ አለን፤ AV ስንነካ ግን ዝም አለ። ኮዱ የሚቀራረብ እንጂ ትክክለኛው አልነበረም። እንደገና ፍለጋውን ብንቀጥል ሌላ ኮድ ላይ AVም ታዘዘ፣ ሥዕሉም መጣ። ስለዚህ ድምፁን፣ ቻናሉን፣ AVን ሳትሞክሩ ሥራው አልቋል አትበሉ።

ምንም ካልታዘዘ፣ የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን ጫፍ አሳዩትና ቁልፍ ተጫኑ። በካሜራው ውስጥ ብልጭ የሚል ብርሃን ካያችሁ ሪሞቱ ደህና ነው፤ ችግሩ ኮዱ ወይም ቴሌቪዥኑ ነው። በኋላ ካሜራ ካላያችሁ በፊት ለፊቱ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ስልክ ብርሃኑን ይጋርደዋል። በሁለቱም ከሌለ ባትሪውን ቀይሩ። የቴሌቪዥኑ ዋና ማብሪያም ተዘግቶ ከሆነ ሪሞት አይቀሰቅሰውም፤ ይህንንም እዩ።

አንዳንዱ ሪሞት ባትሪው ሲወጣ ኮዱን ይረሳል። ያን ጊዜ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት፤ ፍለጋውን ከመጀመሪያው ጀምሩ።



የማኅበሩ ጸሐፊ