በስልክ ፎቶ የመጣን የላቦራቶሪ ወረቀት እንዴት እናነባለን?
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ከኮሚቴያችን ሦስት አባላት አንዷ በላቦራቶሪ ባለሙያነት ለብዙ ዓመታት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። ሁለታችን ግን ከእናንተ የተለየን አይደለንም፤ የተማርነው ከእሷና ከስህተታችን ነው። በሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አንዷ አባል የደም ምርመራ ወረቀቷን በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልክልናለች። «እስቲ እዩልኝ፣ ምን ይላል?» ትላለች። ሐኪሙ በችኮላ ስለተናገረ፣ ወይም ቀጠሮው ከሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ወይም ከአንዱ ቁጥር ጎን የተጻፈችው ፊደል እንቅልፍ ስለነሣቻት ነው።

መጀመሪያ ስህተታችንን እንናገር። ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት እህታችን እዚያ የተመረመረችበትን ወረቀት ፎቶ ላከችልን። በባዶ ሆድ የተወሰደ የደም ስኳር ነው፤ ቁጥሩ 9.2 ይላል። የፎቶው የቀኝ ጠርዝ ተቆርጧል። እኛ የምናውቀው የባዶ ሆድ ስኳር ከ70 እስከ 100 አካባቢ ነው። ከእኛ አንዷ ቸኩላ «ስኳርሽ በጣም ወርዷል፣ ሻይሽን አጣፍጪ» ብላ መለሰች። እህታችን ለሦስት ቀን ሻይዋን አጣፍጣ ጠጣች።

በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ይዛ መጣች። የተቆረጠው የቀኝ ጠርዝ ላይ የመለኪያው ስም ነበር፤ «ሚሊሞል በሊትር» ይላል። እኛ አገር በብዛት የምናየው «ሚሊግራም በዴሲሊትር» ነው። የደም ስኳርን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመለወጥ በ18 ይባዛል። 9.2 ሲባዛ በ18፣ 166 ገደማ ይሆናል። ወርዷል ያልነው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ወሰን በላይ ነበር። የላቦራቶሪዋ እህታችን በኋላ እንዳለችን፣ ያ 9.2 በእኛ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ባለቤቷ ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር እንጂ ቆማ ፎቶ አታነሣም። ያንን እንኳ አላሰብንም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶው ሙሉ ካልሆነ አንድም ቃል አንናገርም። ሙሉ የምንለው በአንድ መስመር ላይ አራት ነገር ሲታይ ነው፤ የምርመራው ስም፣ ውጤቱ፣ መለኪያው፣ እና «ሪፈረንስ ሬንጅ» የሚባለው ወሰን። በተጨማሪም ከላይ በኩል ዕድሜ፣ ጾታና ደሙ የተወሰደበት ቀን። ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ግን ከማንሣታችሁ በፊት በቁራጭ ወረቀት ሸፍኑት፤ ለእኛ አያስፈልገንም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ በመስኮት ብርሃን አንሡት፣ የስልኩን መብራት አጥፉት። መብራቱ ወረቀቱ ላይ ሲያንጸባርቅ ነጥብ ይጠፋል፤ 11.4 የነበረው 114 ሆኖ ይመጣል። እባካችሁ ደግሞ ለሁላችን የጋራ ቡድን አትላኩት፤ ከሦስታችን ለአንዳችን ብቻ።

አሁን ወደ ወሰኑ እንሂድ፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ነውና። ይህ ወሰን እንዴት ይወጣል? ጤነኛ የተባሉ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 120 የሚሆኑ፣ ደማቸው ይለካል። ቁጥሮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራሉ። ከታች ከመቶ ሁለት ተኩሉ፣ ከላይም ከመቶ ሁለት ተኩሉ ይተዋል። መሐል ላይ የቀረው ከመቶ 95ቱ ወሰን ይባላል። ስለዚህ ምንም ሕመም ከሌለባቸው 20 ሴቶች መካከል አንዷ ገደማ በማንኛውም አንድ መስመር ላይ ከወሰን ውጭ ትሆናለች። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሃያ መስመር ሊኖር ይችላል። ከወሰን በታች ከሆነ «ኤል»፣ በላይ ከሆነ «ኤች» የሚለውን የምትጽፈው ማሽኗ ናት። እሷ ሁለት ቁጥር ታወዳድራለች፣ ሌላ አታውቅም። ነፍሰ ጡር ሁኚ፣ ትናንት ጉንፋን ይዞሽ ይሁን፣ የት አገር ትኑሪ፣ አልተነገራትም።

ይህን በአንድ ወረቀት እናሳያችሁ። ባለቤቷ ፈቅዳልናለች። አዲስ አበባ የምትኖር፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር አባላችን ናት። የደም ሕዋሳት ቆጠራ ነው፤ ሐኪሞች «ሲቢሲ» የሚሉት። ወረቀቱ ታጥፎ ስለነበር ዕጥፋቱ የሄሞግሎቢኑን ቁጥር አቋርጦታል፤ 11.4 ይሁን 14.4 አይለይም። እዚህ ላይ አንዲት ጠቃሚ ዘዴ አለች። ከሄሞግሎቢኑ በታች «ሄማቶክሪት» የሚባል መስመር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሄሞግሎቢኑ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የእሷ 34.0 ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 11.3 ይመጣል። ስለዚህ 11.4 መሆኑን ገመትን። ግምታችንን ግን ለእሷ አልነገርናትም፤ ወረቀቱን አቃንታ ሌላ ፎቶ እንድትልክ ጠየቅናት። በእርግጥም 11.4 ነበር። ዘዴዋ የምትጠቅመው ፎቶውን ለመጠራጠር ነው እንጂ ቁጥር ለመሙላት አይደለም።

ሦስት መስመሮች ላይ ፊደል ነበረ። ሄሞግሎቢን 11.4፤ ወሰኑ ከ12.0 እስከ 16.0፤ «ኤል»። ነጭ የደም ሕዋስ 11.8፤ ወሰኑ ከ4.0 እስከ 10.0፤ «ኤች»። «ኤም ሲ ቪ» 74፤ ወሰኑ ከ80 እስከ 100፤ «ኤል»። ጎረቤቷ ነጩን አይታ «ኢንፌክሽን ነው» ብላታለች። አማቷ ሄሞግሎቢኑን ሰምታ ቀይ ሥር ትቀቅልላት ጀምራለች። ቀይ ሥሩን ማንም አልከለከለም።

እኛ ያልናት እንዲህ ነው። ወሰኑ ከላዩ «አዋቂ ሴት» ይላል፤ ነፍሰ ጡር አይልም። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ውኃማ ክፍል ከቀይ ሕዋሱ የበለጠ ስለሚጨምር ሄሞግሎቢን ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12.0ን፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላለች እርጉዝ ደግሞ 11.0ን መለያ የሚያደርገው። ነጭ የደም ሕዋስም በእርግዝና ያለ ኢንፌክሽን ከፍ ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ብለን እንሰናበታት ነበር። ልባችንም ያንን ይፈልግ ነበር። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ያንን ጭማሪ ቀንሶ ማየት ይገባል ይላል። እርግዝናው መለያውን ወደ ታች ሲያወርደው፣ ከፍታው መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የእሷ 11.4 በአንዱ ስሌት ካለፈ በሌላው ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሚመዝን ባለፈው ወር የነበራትን ቁጥር፣ የምትወስደውን ኪኒንና ፊቷን አይቶ ነው፤ እኛ ያለን ፎቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ለራሳችን ያወጣነው ሕግ የሚገባው። «ታመሻል» ማለት ምርመራ ነው። «ምንም የለብሽም» ማለትም ምርመራ ነው፤ እንዲያውም ሁለተኛው ይብሳል፣ የሰማችው ሴት ቀጠሮዋን ትተዋለችና።

ሦስተኛው መስመር ይቀራል። «ኤም ሲ ቪ» የቀይ ሕዋሳቱን አማካይ መጠን ይለካል። 74 ማለት በዚያ ወረቀት ወሰን መሠረት ሕዋሳቱ አነስ ያሉ ናቸው ማለት ነው፤ ይህን እንናገራለን፣ ወረቀቱ የሚለው ነውና። እርግዝና ብቻውን ሕዋሳቱን አያሳንሳቸውም፤ ስለዚህ ይህ መስመር እንደ ሁለቱ በእርግዝናው አይገለጽም። የሚያሳንሰው ምክንያት ከአንድ በላይ ነው፤ አንዳንዱ ከምግብና ከደም መፍሰስ፣ አንዳንዱ ከዘር የሚመጣ ነው። የትኛው እንደሆነ ይህ ወረቀት አይለይም፤ ሌላ ምርመራ ይጠይቃል። ስሙን ብንጠራላት ኖሮ በማግሥቱ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝታ፣ ወይም ከክትትሉ የተሰጣትን በእጥፍ ወስዳ እናገኛት ነበር።

በመጨረሻ ለቀጠሮዋ ይዛ የምትሄደውን ጥያቄ አብረን ጻፍን። «ሄሞግሎቢኔን ስታዩ እርግዝናዬንና የምኖርበትን ከፍታ ቆጥራችሁ ነው? ካለፈው ክትትሌ ወርዷል ወይስ እዚያው ነው? የቀይ ሕዋሴ መጠን ለምን አነሰ፣ ለማወቅስ ሌላ ምርመራ ያስፈልገኛል? የያዝኩትን ኪኒን እንዳለ ልቀጥል?» እነዚህን በደብተሯ ጻፈች። ደግሞ ጠየቅናት፤ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ራስ ማዞር ወይም ደም መፍሰስ አለሽ? አለ ብትል ኖሮ ቀጠሮ ጠብቂ አንልም፤ ዛሬውኑ ሂጂ እንላታለን። የለኝም አለች።

ከቀጠሮዋ ስትመለስ አዋላጇ ጥያቄዎቹን ከደብተሯ ላይ አንብባ አንድ ተጨማሪ የደም ምርመራ እንዳዘዘችላት ነገረችን። የዚያን ወረቀት ፎቶ አልላከችልንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።