ከ1,000 ሪያሉ እጇ የሚገባው ስንት ነው?

እሷ፦ ትናንት ገርጂ አንዲት እህት የሳዑዲ ውሏን አሳየችኝ። ደመወዝ 1,000 ሪያል ይላል። ዝቅ ብሎ ግን «ለአየር ቲኬት በየወሩ 250 ሪያል ለስድስት ወር ይቀነሳል» የሚል መስመር አለ።

እሱ፦ 1,500 ሪያል! የወር ተኩል ደመወዟ እኮ ነው። የቲኬቱንና የቪዛውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው እንደሆነ አዋጅ 923/2008 ደንግጓል።

እሷ፦ መስመሩ ካልተሰረዘ እንዳትፈርም ነገርኳት። ደመወዙ የሚከፈልበት ቀንም አልተጻፈም። ቀን ከሌለ «ዘገየብኝ» ብላ በምን ትከራከራለች?

እሱ፦ በባንክ ነው በእጅ?

እሷ፦ እሱንም አይልም።

እሱ፦ በባንክ ይጻፍላት፤ የተከፈለውና የቀረው እዚያው ይታያል። የዓረብኛውንም ቅጂ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ኤጀንሲው ያላመጣው ሰው ያንብብላት፤ 1,000ው እዚያም 1,000 መሆኑን ትይ።