የጓሳው በቅሎ ጫኝና ያልመጣው የቅድመ ግብር ደረሰኝ



የዛሬውን ጉዳይ በመንዝ ጓሳ ላይ በታሰበ ምሳሌ ላስረዳ። መሃል ሜዳ የሚኖር አንድ ነጋዴ በቅሎና ጫኝ አከራይ ነው እንበል። የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ሲሆን፣ በ2014 የግብር ዓመት ወደ ጓሳ ለወጣ የአንድ ድርጅት የጥናት ቡድን በ250,000 ብር ውል አገልግሎት ሰጠ። ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 92 መሠረት ከዋጋው 2 በመቶ፣ ማለትም 5,000 ብር አስቀርቶ 245,000 ብር በባንክ ላከለት። ደረሰኝ ግን አልሰጠውም። (ምጣኔው በ2017 ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ስሌታችን ግን የዚያን ዓመት ነው።)

የነጋዴው የዓመቱ ትርፍ 180,000 ብር ቢሆን፣ በ35 በመቶ ተሰልቶ 18,000 ብር ሲቀነስለት ግብሩ 45,000 ብር ይሆናል። ደረሰኙ ካለ የሚከፍለው 40,000 ብር ብቻ ነው፤ ከሌለ ያንኑ 5,000 ብር ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል።

ብዙዎች እዚህ ላይ አንድ አቋራጭ ይመርጣሉ፤ ደረሰኙ ካልመጣ ገቢዬ የተቀበልሁት 245,000 ብር ነው ብለው ያስታውቃሉ። ይህ ስሕተትም ኪሳራም ነው። የተያዘው ገንዘብ የነጋዴው ገቢ ክፍል ስለሆነ ገቢውን አሳንሶ ማስታወቅ ይሆናል። ጥቅሙም ቢሆን ትርፉ በ5,000 ብር ስለቀነሰ ግብሩ የሚቀንሰው በ1,750 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 3,250 ብር በከንቱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ የሚለየው ነገር ገንዘቡ የት እንደቆመ ነው። ድርጅቱ ቀንሶ ለግብር ባለሥልጣኑ ገቢ አድርጎ ደረሰኙን ብቻ ዘንግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀንሶ ገቢ ሳያደርግ አስቀርቶትም ሊሆን ይችላል። ከፋዩ በየወሩ ከሚያቀርበው ማስታወቂያ ጋር የተቀነሰባቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ከመለያ ቁጥራቸውና ከመጠኑ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ነጋዴው የክፍያውን ወር ይዞ ያ ዝርዝር እንዲታይለት መጠየቁ አስተዋይነት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ቢመዘገብ እንኳ ገንዘቡ ገብቶ በስሙ ላይገኝ ይችላል፤ ይህን ከመጠርጠር በፊት ሰዎች ከፋዩን ሲወቅሱ አያለሁ።

ለከፋዩ የሚጻፈው ደብዳቤ የውሉን ቁጥር፣ የክፍያውን ቀን፣ ጠቅላላውን ዋጋና የተቀነሰውን መጠን ይጥቀስ። የባንክ መግለጫውና የክፍያ ማዘዣው ቅጂ አብረው ይያያዙ፤ ደብዳቤው መድረሱም በፊርማ ይረጋገጥ። እነዚህ ወረቀቶች ደረሰኙን አይተኩም፤ ነገር ግን 5,000 ብሩ በቅናሽ ሳይሆን በግብር ስም መያዙን ያሳያሉ። ከአዲስ አበባ የሒሳብ ክፍል እስከ መሃል ሜዳ ያለው ርቀት ሲታሰብ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ የማስታወቂያው ጊዜ ሲቃረብ መጀመር ዘግይቶ መነሣት ነው። በምሳሌያችን ዓመት ሕግ ለደረጃ «ለ» ቀኑ የግብር ዓመቱ ካለቀ ሁለት ወር ብቻ ነበር።

ደረሰኙ ከዚያ በኋላ ቢመጣ፣ ነጋዴው በጊዜው ሙሉ ገቢውን አስታውቆ ግብሩን ከፍሎ ይቆይና በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ማስታወቂያው እንዲሻሻልለት ያመለክታል። ያኔ የሚጨመረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ የገቢው ክፍል አስቀድሞ ትክክል ስለነበር መርማሪው የሚጠይቀው ነገር አይኖርም።