የሁለቱንም ስም የጠራ

ይህ ቃል በመጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙዎች በጽሑፍ ስለ ጠየቁን እነሆ በእጃችሁ ገባ። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ፊልጵስዩስ 4፥2-3 ላይ ክፈቱና ከፊታችሁ አስቀምጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን ኤዎድያና ሲንጤኪ የሚባሉ ሁለት እህቶች ነበሩ። ተጣልተዋል። ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ከጳውሎስ ጋር ለወንጌል የተጋደሉ ናቸው። ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ጠባቸውን ሰማና በደብዳቤው ውስጥ ጻፈው። ልብ በሉ! በዚያ ዘመን ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሁለቱም እህቶች ምናልባት አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ አስቡት። ስማቸው ሲጠራ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እነርሱ ዞረ። እንግዲህ በሰው ፊት በተገለጠ ጠብ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ሰው ምን ይላል? ጳውሎስ ያለውን እንይ፤ ያላለውንም እንይ።

ያላለው ይበልጣል። የተጣሉበትን ምክንያት አልጻፈም። በምን ተጣሉ? እስከ ዛሬ አናውቅም። ማን ጀመረች? አናውቅም። ጉባኤው ምናልባት ያውቅ ነበር፤ ጳውሎስ ግን ነገሩን እንደገና አላነሣውም። ጠብ በሰው ፊት ሲተረክ ተራኪው ሳያስበው ወገን ይይዛል። ከየት እንደ ጀመርክ፣ የማንን ቃል አስቀድመህ እንደ ተናገርክ ይፈርድብሃልና።

ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ። ለኤዎድያ እለምናለሁ አለ፤ ለሲንጤኪም እንደገና እለምናለሁ አለ። በግሪኩ «ፓራካሎ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ተናግሮ «ኤዎድያንና ሲንጤኪን» ማለት ይችል ነበር፤ ጥቂት ቀለም ይተርፈው ነበር። ግን ለእያንዳንዷ የራሷን ልመና ሰጣት። ማንም «ለእሷ ነው የተናገረው» ብሎ ማምለጫ አላገኘም፤ ማንም «እኔን ረሳኝ» አላለም።

ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ላለ አንድ ሰው ይጽፋል። ስሙን አናውቅም። «ሲዚጎስ» ይለዋል፤ በአንድ ቀንበር አብሮ የተጠመደ ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት የሰውዬው መጠሪያ ስም ነው ይላሉ። ቃሉ ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በሬ ያጠመደ ገበሬ ያውቀዋል፤ ከበሬው አንዱ ሲያፈገፍግ ሌላው ብቻውን ቢጎትት ቀንበሩ አንገቱን ይልጠዋል። ጳውሎስ ሰውዬውን «ፍረድባቸው» አላለውም፤ «አግዛቸው» አለው። ይህ «ማገዝ» የሚለው ግስ በሉቃስ 5፥7 ይገኛል። ጴጥሮስና ጓደኞቹ መረባቸው ሊቀደድ ሲል በሌላው ጀልባ ያሉትን ባልንጀሮቻቸውን መጥተው እንዲያግዟቸው የጠቀሱበት ቃል ነው። አያችሁ? የሦስተኛው ሰው ሥራ መረቡን አብሮ መያዝ ነው። መረቡ እየተቀደደ ሳለ «ይህን ያህል ዓሣ ማን እንድትይዙ አለህ?» ብሎ ከዳር የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤት ኅብረታችን ያየሁትን ልንገራችሁ። የሚያሳፍረው ክፍል የእኔ ስለሆነ እንድትታገሡኝ እጠይቃለሁ።

ሁለት እህቶች ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ጓደኛሞች፣ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ናቸው። ለታመመች አንዲት እህት ኅብረቱ 18,000 ብር ሰበሰበ። ገንዘቡን አንደኛዋ ያዘች። ከጸሎት በኋላ ቡናው ተፈልቶ፣ አሥር የምንሆን ሰዎች ተቀምጠን ሳለ ሁለተኛዋ ጠየቀች፦ «ለሐኪም ቤቱ የተከፈለው 15,500 ነው። 2,500 ብሩ የት ገባ?» ገንዘብ ያዥዋ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ሌባ ነሽ ልትዪኝ ነው? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለች። ድምፅ ከፍ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የተከማቸ ነገር ሁሉ ወጣ፤ ያልተመለሰው ድስት እንኳ ተነሣ።

አንድ ወንድም ቶሎ ገባ። «እውነቷን ነው፣ መጠየቅ መብቷ ነው» አለ። ትክክል ተናገረ፤ ግን ለአንዷ ብቻ ነው የተናገረው። ገንዘብ ያዥዋ ወዲያው ወደ እሱ ዞረች። «ታዲያ አንተም ታስባለህ?» አለችው። አሁን የተጣሉት ሦስት ሆኑ።

ቀጥሎ እኔ ገባሁ። መጋቢ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሁለታችሁም አጥፍታችኋል፣ በጌታ ፊት ይቅር ተባባሉ» አልኩ። በልቤ ሚዛናዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለሁለቱም እኩል ሰጥቻለሁ አይደል እንዴ? ግን ለሁለቱም የሰጠሁት እኩል ፍርድ ነበር። አንዷ ስለ ቁጥር ጠይቃለች፣ ሌላዋ ስለ ክብሯ ተነክታለች፤ እኔ አንዱንም ሳልሰማ ሁለቱንም በአንድ ዱላ መታሁ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «መጋቢ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ማለት ጀመሩ። የተጣሉ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር ትተው ወደ አንተ ዞረው መከራከር ሲጀምሩ፣ ወደ ዳኛ ወንበር እንደ ወጣህ እወቅ። ቶሎ ውረድ። እኔ ግን አልወረድኩም፤ ጥቅስ ጨመርኩ። ጥቅሱ ትክክለኛ ነበር፤ ሰዓቱ አልነበረም።

በዚያ ጥግ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ብዙ አይናገሩም። ሁለቱንም በስማቸው ጠሩ፤ ቀስ ብለው፣ አንዱን ከሌላው ለይተው። ለጠየቀችው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ የ2,500 ብሩን ነገር መጠየቅሽ ተገቢ ነው፤ የሁላችንም ገንዘብ ነው።» ወደ ሌላዋ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «አንቺም ልጄ፣ በሰው ፊት እንዲህ መጠየቅሽ ማመሙ ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን ያመኝ ነበር።» ቀጠሉና «ማክሰኞ ደረሰኙን ይዛችሁ እኔ ቤት ኑ፤ ሦስታችን ብቻ። አሁን የታመመችውን አንርሳት፤ ተነሡ እንጸልይላት» አሉ።

ይኸው ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዕርቅ አልሆነም፤ ሁለቱ በዚያን ቀን አልተቃቀፉም። ጩኸቱ ግን ቆመ። እኔ ቤቴ ገብቼ ይህን ንግግር ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። እኒያ እናት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አልገቡም፤ ግን ያደረጉት ጳውሎስ ያደረገውን ነው። የሁለቱንም ስም ጠሩ። ለእያንዳንዷ እውነት የሆነውን ነገሯት፤ ገንዘቡ ጠፍቷል አላሉም፣ አልጠፋምም አላሉም፣ ስላላወቁት። ተመልካቹን ከነገሩ አወጡ። ሰው ባለበት ማንም መሸነፍ አይችልምና። ቀን ቆረጡ፤ «አንድ ቀን እንነጋገርበታለን» የሚለው ቃል ግን ነገሩን መቅበሪያ ነው። በመጨረሻም ሁለቱ መጀመሪያ የተገናኙበትን ሥራ፣ የታመመችዋን እህት አስታወሱ። ጳውሎስም ኤዎድያና ሲንጤኪ ከእርሱ ጋር ለወንጌል መጋደላቸውን ያስታወሰው ለዚህ ይመስለኛል። ጠብ ሰውን በዛሬው ስሕተቱ ብቻ ያሳየዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ይህን ሰምታችሁ በየጠቡ መካከል እንዳትገቡ። ምሳሌ 26፥17 በማይመለከተው ጠብ የሚገባ መንገደኛን የውሻ ጆሮ ከሚይዝ ሰው ጋር ያነጻጽረዋል። ጆሮውን ይዘህ ብትቆይ ይነክስሃል፣ ብትለቅም ይነክስሃል። ጳውሎስ የጻፈለት ሰው አብሮ የተጠመደ ነው፤ መንገደኛ አይደለም። ሁለቱንም የምታውቅ፣ ሁለቱም የሚያምኑህ ከሆንክ ግባ። ካልሆንክ ለሚያምኑት ሰው ንገርና ተው።

ደግሞም በመካከል መቆም የማይገባበት ጊዜ አለ። ያው ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል፤ ገላትያ 2፥11-14 አንብቡ። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ትቶ ሲርቅ የወንጌል እውነት ተነክቷልና ጳውሎስ በመካከል አልቆመም። በቤታችሁም ባል ሚስቱን እየመታ «ሁለታችሁም ተስማሙ» አይባልም። አስቀድሞ የተመታችው ከቤት ትውጣ። ጠንካራው ደካማውን በሚጎዳበት ቦታ በመካከል የቆመ ሰው ከጠንካራው ጋር ቆሟል። ኤዎድያና ሲንጤኪ ግን እኩዮች ነበሩ፤ የኅብረታችን ሁለት እህቶችም እኩዮች ነበሩ። እኒያ እናት ይህን ለይተው ነው የተናገሩት።

ማክሰኞ ምን ሆነ? እናትየው ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ በሁለቱም ፈቃድ ነው የምናገረው። ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኞች ይዛ መጣች። የመድኃኒትና የመኪና 1,900 ብር ተገኘ። 600 ብር ቀረ። አንዷ ለታማሚዋ ልጅ ምሳ ተሰጥቷል አለች፤ ሌላዋ አልሰማሁም አለች። ደረሰኝ አልነበረም። እናትየው እዚህም አልፈረዱም፤ «ስለ 600 ብሩ ምን ይሁን ትላላችሁ?» ብለው ለሁለቱ ተዉላቸው። ረጅም ዝምታ ነበር አሉኝ፤ ቡናው እስኪቀዘቅዝ። በኋላ የጠየቀችው እህት «ግማሹን እኔ እሸፍናለሁ፤ ሁለታችን ነን የሰበሰብነው» አለች። ገንዘብ ያዥዋ አልተቀበለችም፤ ተከራከሩ፤ እንደ ገና ሊጣሉ ነበር። በመጨረሻ ሦስት ሦስት መቶ አወጡ።

እናትየው ከዚያ ቤት የሰሙትን ለማንም አልተናገሩም። እኔ እንኳ፣ መጋቢያቸው ሆኜ፣ ሁለቱ እህቶች ራሳቸው «ይንገሩት» እስኪሉ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ጠበቅሁ። በየሳምንቱ ስጠይቃቸው «ደህና ናቸው» ብቻ ይሉኝ ነበር።