ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ሕፃናት ዘግይተው አፍ ይፈታሉን? (ከሕዝባዊ ትምህርቱ በኋላ የተደረገ ጥያቄና መልስ)

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመግባታችን በፊት የትምህርቱን ፍሬ ነገር በአጭሩ ላስታውስ። «ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል» የሚለው አስተያየት የተመሠረተው በአብዛኛው በአቆጣጠር ስሕተት ላይ ነው። የልጁ ዕውቀት በሁለት ቋንቋዎች ተከፍሎ ሳለ፣ መዛኙ አንዱን ብቻ ቆጥሮ ጎደለ ይላል። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ቋንቋ ለየብቻው ሲታይ ልዩነት የለም ማለቴም አይደለም። የዛሬው ውይይታችን እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ በማየት ላይ ያተኩራል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ «አይዘገዩም» ሲሉ ማስረጃዎ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከንግግር በፊት ካለው ደረጃ እንጀምር። ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽና ከዚያ በኋላ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያሉ ተነባቢና አናባቢን አጣምረው መደጋገም ይጀምራሉ። ኦለርና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የማያሚ ጥናት፣ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ የሚሰሙ ሕፃናት ወደዚህ ደረጃ የደረሱት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት ዘግይተው አልነበረም። የመጀመሪያው ቃልም በሁለቱም ወገን አንድ ዓመት ገደማ ላይ ይሰማል።

ስለ ቃላት ብዛት ደግሞ ፒርሰን፣ ፈርናንዴዝና ኦለር በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። ከ8 እስከ 30 ወር ዕድሜ ያላቸውን 25 ባለ ሁለት ቋንቋና 35 ባለ አንድ ቋንቋ ሕፃናት አነጻጽረዋል። ወላጆች በተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ላይ ልጃቸው የሚናገራቸውን ቃላት ምልክት ያደርጉ ነበር፤ ለባለ ሁለት ቋንቋዎቹ በየቋንቋው አንድ አንድ ዝርዝር ተሞላ። የሁለቱ ቋንቋዎች ቃላት በአንድነት ሲታዩ፣ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ዘገምተኞች ናቸው የሚያሰኝ መሠረት አልተገኘም።

ጥያቄ፦ «በአንድነት መቁጠር» እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ቢያስረዱን?

መልስ፦ ለማስረዳት ያህል እኔ ባዘጋጀሁት ምሳሌ እንየው። ሁለት ዓመት የሞላት፣ በቤት አማርኛ፣ በመዋያ እንግሊዝኛ የምትሰማ ሕፃን አለች እንበል። በአማርኛ 38፣ በእንግሊዝኛ 26 ቃላት ትናገራለች። ከእነዚህ መካከል 10 ነገሮችን በሁለቱም ቋንቋ ትጠራለች፤ «ውሃ»ንም «ዎተር»ንም ታውቃለች። የቃላቷ ጠቅላላ ድምር 64 ነው። ተደጋጋሚዎቹን 10 አንድ ጊዜ ብቻ ብንቆጥር፣ ስም ያወጣችላቸው ነገሮች 54 ይሆናሉ።

በሁለት ዓመት ዕድሜ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት የጥንቃቄ መስመር 50 ቃላት ወይም ሁለት ቃላትን ማጣመር ነው። እንግሊዝኛዋን ብቻ የሚመዝን ባለሙያ 26 አግኝቶ ይደነግጣል። አማርኛዋን ብቻ የሚመዝንም 38 አግኝቶ ይሠጋል። ሁለቱንም የሚያይ ግን ሕፃኗ ከመስመሩ በላይ መሆኗን ያያል።

እዚህ ላይ አማርኛን የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ሕፃኑ «አልፈልግም» ሲል አንድ ቃል ተናገረ፤ በእንግሊዝኛ ግን ይኸው ሐሳብ ሦስት ቃላት ይፈልጋል። አማርኛ ባለቤቱንና አሉታውን በግሱ ውስጥ ስለሚሸከም፣ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን የቃላት ጥምረት መለኪያ እንዳለ ወደ አማርኛ ማዛወር ልጁን ይበድላል። በአንጻሩ «አልፈልግም» ሳይተነተን እንደ አንድ ድምፅ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ልጁ «አልበላም»፣ «አልሄድም» እያለ ቅርጹን በሌሎች ግሶች ላይ ያውለው እንደ ሆነ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በአንዱ ቋንቋ የሚታየው ጉድለት ሐሰት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን አለማድበስበስ ይገባል። ሆፍና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የደቡብ ፍሎሪዳ ጥናት 47 ባለ ሁለት ቋንቋና 56 ባለ አንድ ቋንቋ ልጆችን በ22፣ በ25 እና በ30 ወራቸው ተከታትለዋል። በአንድ ቋንቋ ብቻ ሲለኩ፣ ባለ አንድ ቋንቋዎቹ በቃላትም በሰዋስውም ቀድመው ተገኙ። ጠቅላላ የቃላት ድምር ሲወሰድ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በባለ ሁለት ቋንቋዎቹ መካከል ደግሞ የየቋንቋው ችሎታ ልጁ ያንን ቋንቋ ከሚሰማበት መጠን ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የልጁ የንቃት ሰዓት አንድ ነው፤ ለሁለት ቋንቋዎች ይከፈላል። ስለዚህ «ልጄ አማርኛዋ ደከመ» የሚል ወላጅ መጠየቅ ያለበት በቀን ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በምን ጉዳይ አማርኛ እንደምትሰማ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚናገረው ጥቂት ነው። «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነውና ጠብቂ» ተባልኩ። ልጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቁ፣ እመቤቴ። በሁለቱም ቋንቋ የሚታይ ዝግመት በሁለት ቋንቋ መስማት አይመካኝም። አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙ ልጆች መካከልም ዘግይተው የሚናገሩ አሉ፤ ባለ ሁለት ቋንቋዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በመጀመሪያ የመስማት ችሎታው ይመርመር። ከዚያም የሚነገረውን ይረዳ እንደ ሆነ፣ በጣቱ ያመለክት እንደ ሆነ፣ ዓይን ለዓይን ይገናኝ እንደ ሆነ በባለሙያ ይታይ። በየቋንቋው የሚናገራቸውን ቃላት ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው ስለ አንዱ ቋንቋ ብቻ ከጠየቀዎት፣ የሌላውንም ዝርዝር ያቅርቡለት።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ሁኔታም አለ። በቤት አማርኛ ብቻ እየሰማ አድጎ በሦስት ዓመቱ አዲስ ቋንቋ የሚነገርበት መዋያ የገባ ልጅ በዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። ይህ ልጅ ቤት ሲመለስ እንደ ልቡ በአማርኛ ይናገራል። መለያው ይኸው ነው፦ ዝምታው ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን በሁለቱም በኩል ጥቂት ስለሚናገር፣ ሁኔታው በዚህ አይገለጽም።

ጥያቄ፦ የቋንቋ እክል እንዳለበት የተረጋገጠ ልጅስ? አንዱን ቋንቋ ቢተው ሸክሙ አይቀልለትም?

መልስ፦ ይህን የሚመክሩ አሉ፤ ማስረጃው ግን አይደግፋቸውም። ፓራዲስ፣ ክራጎ፣ ጀነሲና ራይስ በ2003 እ.ኤ.አ. በካናዳ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ የቋንቋ እክል ያለባቸው የሰባት ዓመት ገደማ ልጆችን፣ ተመሳሳይ እክል ካለባቸው ባለ አንድ ቋንቋ ልጆች ጋር አነጻጽረዋል። የግስን ጊዜ በሚያመለክቱ ቅርጾች አጠቃቀም ባለ ሁለት ቋንቋዎቹ አልባሱም። እርግጥ የተጠኑት ባለ ሁለት ቋንቋ ልጆች ስምንት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ቋንቋዎቻቸው በአገሩ የተከበሩና በትምህርት ቤት የሚሰጡ ናቸው። የቤቱ ቋንቋ ከደጅ ውጭ በማይሰማበት ሁኔታ ውጤቱ እንዳለ ይደገማል ብዬ አልደመድምም።

ሆኖም የቤቱን ቋንቋ ማስተው ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። እናትና አያት በደንብ በማይችሉት ቋንቋ ለልጁ እንዲናገሩ ሲገደዱ ንግግራቸው ያጥራል፤ ተረቱም ምክሩም ይቀራል። እክል ያለበት ልጅ ከሌላው ይልቅ ብዙና የተሟላ ንግግር መስማት ያስፈልገዋል። እኛ ግን ያንኑ ነፈግነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በዚህ ዘርፍ ጥናት ለምንጀምር ተማሪዎች የሚሉን ይኖራል?

መልስ፦ በእጃችን ካሉት ጥናቶች ዛሬ የጠቀስኳቸው ሁሉ የሰሜን አሜሪካ ናቸው። አዳማ ላይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋዎች ከቤት፣ ከጎረቤትና ከገበያ ያገኛቸዋል፤ አንዱን ከወላጅ ሌላውን ከመዋያ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ልጁ ማንን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰማ በትክክል መመዝገብ ይሁን። ይህ መዝገብ ሳይኖር የተቆጠረ የቃላት ብዛት ልጁ መዘግየቱንም አለመዘግየቱንም አያስረዳም።