የትኛው ማጣሪያ ለየትኛው ውሃ? ሸክላ፣ አሸዋ ወይስ ሜምብሬን



በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ሁለት ዓይነት ድፍርስ ውሃ ያጋጥመናል። አንደኛው በክረምት ጭቃ ይዞ የሚወርደው የወንዝ ውሃ ነው። ሁለተኛው ለቀናት ተቋርጦ ሲመለስ ዝገትና አፈር ይዞ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ነው። ለሁለቱም ማጣሪያ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱን የሚያጠራ ማጣሪያ ሌላው ቤት ላይ በሳምንት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውሃችሁን እወቁ።

መጀመሪያ ድፍርስነቱን ለኩ

ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርዝ የሌለው፣ ቀለም የሌለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በውሃው ሙሉ። ጠርሙሱን በዚህ ወረቀት ርዕስ ላይ አቁሙና በአፉ በኩል ቁልቁል ተመልከቱ። ትልቁ ጽሑፍ ከታየ ውሃው በቀጥታ ወደ ማጣሪያ ሊገባ ይችላል። ካልታየ ግን ለየትኛውም የቤት ማጣሪያ ከመጠን በላይ ደፍርሷል ማለት ነው።

የቧንቧ ውሃ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከመጣ ቶሎ አትደንግጡ። በብርጭቆ ቀድታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ ነጩ ነገር አየር ነው። ከላይ እየጠራ ከታች ዝቃጭ ከተቀመጠ ግን አፈር ነው፤ መጣራት አለበት።

በጣም የደፈረሰውን ውሃ በክዳን በተከደነ ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ባልዲውን ሳትነቀንቁ የላዩን ብቻ ቅዱና አራት ጊዜ በታጠፈ ንጹህ ነጠላ አጥልሉት። ከዚያ የጠርሙሱን ሙከራ ድገሙ። ይህ ሥራ ገንዘብ አያስወጣም፤ የማጣሪያውን ዕድሜ ግን ያራዝማል። ብዙ ማጣሪያ ጥግ ላይ ተጥሎ የሚቀረው ጭቃ በቀጥታ ስለተገለበጠበት ነው።

የሸክላ ማጣሪያ

ሁለት ባልዲ ተደራርቦ፣ በላይኛው ውስጥ ሻማ የሚመስል ነጭ ሸክላ የቆመበት ነው። ውሃው በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲያልፍ ጭቃ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና አብዛኛው ባክቴሪያ ይቀራል። ዝግተኛ ነው፤ በሰዓት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ቢሰጥ ነው።

ፍሰቱ ሲቀንስ ሸክላውን አውጥታችሁ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ፈትጉት። ሳሙና አትንኩበት፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣል። በፈተጋችሁት ቁጥር ይሳሳል፤ ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ዋናው ጠላቱ ስንጥቅ ነው። ትናንት እየተንጠባጠበ የነበረው ዛሬ በድንገት ከፈጠነ ደስ አይበላችሁ፤ ወይ ሸክላው ተሰንጥቋል ወይ የታሰረበት ጎማ ላልቷል፤ ያልተጣራ ውሃ እያለፈ ነው።

የአሸዋ ማጣሪያ

ይህ በኮንክሪት ወይም በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ታጥቦ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ከሥሩም ጠጠር የተሞላበት ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ኃይሉ አሸዋው ብቻ አይደለም። በአሸዋው የላይኛው ክፍል በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ንጣፍ ይሠራሉ፤ ጎጂውን ጀርም የሚበሉትና የሚይዙት እነሱ ናቸው። ይህ ንጣፍ እስኪጎለምስ እስከ 30 ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ ውሃውን በማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ያስፈልጋል።

ንጣፉ እንደ ከብት ነው፤ በየቀኑ መመገብ አለበት። ውሃ ከተጨመረበት ሁለት ቀን ካለፈው መራብ ይጀምራል። ውሃው መፍሰስ ሲያቆም ከአሸዋው በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ መቆም አለበት። ከዚያ ካነሰ ንጣፉ ይደርቃል፤ ከዚያ ከበዛ አየር ያጥረዋል። ለዚህ ነው በመውጫው ላይ የሚዘጋ ቧንቧ ወይም ጎማ መግጠም የማይፈቀደው። ክሎሪን ያለበት ውሃም አይገለበጥበትም፤ ክሎሪኑ ንጣፉን ይገድለዋል። ክሎሪን የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ በሌላ እቃ ነው።

የሜምብሬን ማጣሪያ

በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ባዶ ቱቦዎች አሉት። በግድግዳቸው ያሉት ቀዳዳዎች ከባክቴሪያ ያነሱ ስለሆኑ ባክቴሪያ አያልፍም። ፍሰቱ ከሌሎቹ ይፈጥናል። ሲዘጋ በንጹህ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ በሚመጣው ሲሪንጅ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠባል። በየቀኑ ካልታጠበ ጭቃው ውስጡ ይጋገራል።

የመቐለ ውሃ ሌላ ችግር ይጨምርበታል። የከተማችን ጉድጓዶች በኖራ ድንጋይ አገር የተቆፈሩ ስለሆኑ ውሃው ኖራ ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ማጣሪያው እርጥብ ሆኖ ተቀምጦ ሲደርቅ ኖራው ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የደፈነውን በአቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፋችሁ በተቃራኒው እጠቡት። ከወደቀ ግን ውስጡ ያሉት ቱቦዎች ተሰብረው ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ አትመኑት።

ሁለት ቤት እናነጻጽር

አንድ አባወራ ወንዝ ዳር ይኖራል እንበል፤ ቤተሰቡ ስድስት ነው። ለመጠጥ በቀን 15 ሊትር ያህል ያስፈልጋቸዋል። ቤቱ የራሱ ነው፣ ውሃው በየቀኑ ከአንድ ቦታ ይቀዳል፣ ክሎሪን የለበትም። ለዚህ ቤት የአሸዋ ማጣሪያ ይስማማል። ማታ አሳድሮ፣ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ባልዲ ቢገለብጥ በቂ ነው፤ የሚሰበርና የሚቀየር ነገርም የለውም።

ልጁ ፓርኩ ውስጥ ተቀጥራ በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ከጓደኛዋ ጋር ትኖራለች። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንዳንዴ በቦቴ ይገዛል፤ ክሎሪን ሊኖርበትም ላይኖርበትም ይችላል። ቤት ስትቀይር ሳጥን ሙሉ አሸዋ ይዛ መሄድ አትችልም፤ ውሃ በጠፋበት ሳምንትም ንጣፉ ይሞትባታል። ለሁለት ሰው አምስት ሊትር ስለሚበቃ የሸክላ ማጣሪያ ሌሊቱን አንጠባጥቦ ያደርሳል። በየቀኑ ለማጠብ ከጨከነች ሜምብሬኑም ይሆናታል። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ቢገዙ ግን ከሁለት አንዳቸው ይከስራሉ።

ሦስቱም የማይችሉት

ሸክላና አሸዋ ቫይረስን በበቂ አያስቀሩም፤ ከሜምብሬንም የሚያስቀሩት ቀዳዳቸው እጅግ የጠበበው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የተጣራውን ውሃ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን በእቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ላይ ኃይሉን ስለሚያጣ ቅደም ተከተሉ ማሳደር፣ ማጣራት፣ ከዚያ ማከም ነው።

በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርን፣ ማለትም ኖራን፣ ጨውን፣ የጸረ ተባይ መድኃኒትንና የፋብሪካ ኬሚካልን፣ እነዚህ ማጣሪያዎች አያወጡም። ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ ወይም ከቆሻሻ መጣያ በታች የሚፈስ፣ ቀለም ወይም ሽታ ያለው ውሃ ቢጠራም ለመጠጥ አይሆንም፤ ማፍላትም አያድነውም። ሌላ ምንጭ ፈልጉ።

በመጨረሻም የተጣራው ውሃ የሚቀመጥበትን ጀሪካን አስታውሱ። ያልተጣራ ውሃ በተቀዳበት እቃ መልሳችሁ ካስቀመጣችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አንዱን ጀሪካን ምልክት አድርጉበት፣ ክደኑት፣ ውስጡ ጣሳ አታስገቡ፤ አዘንብላችሁ ቅዱ።